የኮምቦልቻ ቅርንጫፋችን ሊዘጋ ነው፦ ከአራቱ የስኮርካርድ ዕይታ በሦስቱ ጥሩ ነን እየተባለ ለምን?

የቦርከና_ልጅ (ክሩን የከፈተችው)

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። የምሠራው ዋና መሥሪያ ቤቱ ደሴ የሆነ የግንባታ ዕቃ አከፋፋይ ውስጥ ነው። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም፣ የቧንቧ ዕቃ እንሸጣለን። እኔ ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ሽያጭ ላይ ነኝ። የድርጅቱን ስም አትጠይቁኝ፣ አልናገርም።

ባለፈው ቅዳሜ ዋና ሥራ አስኪያጁ የሁሉንም ቅርንጫፍ ሠራተኛ ደሴ ሰብስበው የእኛ ቅርንጫፍ እንደሚዘጋ ነገሩን። ስኮርካርድ የሚሉት እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በአራት ዕይታ የሚመዘንበት ሠንጠረዥ ነው። ንግግራቸውን እየሰማሁ ስጽፍ ስለነበር ዋና ዋናውን እዚህ አሰፍራለሁ፦

«ከወሬ በፊት ከእኔ እንድትሰሙት ብዬ ነው የጠራኋችሁ። ሐምሌ ላይ የአምስቱንም ቅርንጫፎች ስኮርካርድ አስቀርበን ከቦርዱ ጋር አንድ በአንድ አየን። ኮምቦልቻ በደንበኛ ዕይታ ከአምስቱ አንደኛ ነው። በውስጥ አሠራር ሁለተኛ ነው፣ ቆጠራ ይገጥማል፣ ዕቃ አይጠፋም። በመማማርና ዕድገትም ጥሩ ነው፣ ሠራተኛው አይለቅም። በፋይናንስ ዕይታ ግን ለሁለተኛ ዓመት መጨረሻ ወጣ። ባለፈው በጀት ዓመት 400 ሺህ ብር ከስሯል። ይህን ኪሳራ የሚሸፍነው የሌሎቻችሁ ድካም ነው። ኪራይ እንዲቀንስልን አከራዩን ለመንን፣ እሺ አላለም። ስለዚህ ሱቁ ታኅሣሥ 30 ይዘጋል። ከሰባቱ ሠራተኞች አራቱ ወደ ደሴ ይዛወራሉ። ለሦስቱ ቦታ የለንም። የኮምቦልቻን ደንበኛ ከደሴ በመኪና እናገለግላለን። ጥፋቱ የኮምቦልቻ ሠራተኞች አይደለም፣ ይህን በሁሉም ፊት እናገራለሁ።»

በአክብሮት ነው የተናገሩት፣ እሱን አልክድም። ግን አልገባኝም። በሦስቱ ጥሩ ሆነን በአንዱ ስለወደቅን ነው የምንዘጋው? እንዲህ ከሆነ አራት ዕይታ መሙላት ምን ያደርጋል፣ ትርፍና ኪሳራውን ብቻ ማየት አይበቃም ነበር? ሙያው ያላችሁ አስረዱኝ።

---

መዝገብ_ቤት

አብሽሪ እህቴ። እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነኝ፣ ቢኤስሲ የምንለውን ይህን ስኮርካርድ ቢፒአር ከተባለው የአሠራር ለውጥ በኋላ ከመጣበት ጊዜ ጀምሮ ስሞላ ኖሬአለሁ። ስኮርካርድ ሰውና የሥራ ክፍል የሚመዘንበት ነው እንጂ ቅርንጫፍ የሚዘጋበት አይደለም። ለእያንዳንዱ ዕይታ ክብደት ይሰጠዋል፣ ድምሩ 100 ይሆናል። ፋይናንስ 30 ቢይዝና እሱን ሙሉ በሙሉ ብትወድቁ እንኳ በሌሎቹ 60 ምናምን ታገኛላችሁ። ይህ ማለፊያ ነው። ሥራ አስኪያጁ አማካዩን አላዩም ማለት ነው። በጽሑፍ ቅሬታ አስገቡ።

---

ጋሽ_ሒሳብ

መዝገብ ቤት፣ ክብደት መስጠቱ ልክ ነህ፣ ብዙ ቦታ የሚሠራበት እንደዚያ ነው። ቅርንጫፍ ሲታይ ግን አማካይ ማውጣት ነገሩን ይሸፍነዋል። ካፕላንና ኖርተን ይህን ነገር ያመጡት በ1992 እ.ኤ.አ. ነው፣ በኋላም አራቱን ዕይታዎች በምክንያትና ውጤት አያይዘዋቸዋል። ሠራተኛው ከሠለጠነ አሠራሩ ይስተካከላል፣ አሠራሩ ከተስተካከለ ደንበኛው ይረካል፣ ደንበኛው ሲረካ ገንዘብ ይገባል ነው ነገሩ። ሦስቱ ጥሩ ሆነው ገንዘቡ ካልመጣ ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ተበጥሷል። የመጀመሪያው ሥራ የተበጠሰበትን ቦታ መፈለግ ነው። ማለፊያ ነጥብ ደምሮ ማስላት ይህን አያሳይም።

የቦርከና ልጅ፣ ሦስት ነገር ንገሪኝ። አንደኛ፣ ከ400 ሺሁ ኪሳራ ውስጥ የዋናው መሥሪያ ቤት ወጪ ድርሻ ተብሎ የተጫነባችሁ ስንት ነው? ሁለተኛ፣ ሰው እጅ ያለ ያልተሰበሰበ ዱቤ ስንት ነው? ሦስተኛ፣ የደንበኛ ዕይታችሁ አንደኛ የወጣው በምን ተለክቶ ነው? እነዚህ ሳይታወቁ መዘጋቱ ትክክል ነው ወይም አይደለም ማለት አልችልም።

---

ቤት_ሠሪው

ሱቁ ሲዘጋ ዕቃው በቅናሽ ይሸጣል ማለት ነው? ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤት ጀምሬ ጣሪያ ላይ ቆሜአለሁ። ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ ካላችሁ ዋጋውን ብታሳውቂኝ።

---

የቦርከና_ልጅ

ቤት ሠሪው፣ ድርጅቱ አልከሰረም ወንድሜ። የሚዘጋው አንድ ቅርንጫፍ ነው፣ ዕቃው ተጭኖ ወደ ደሴ ይሄዳል፣ ዋጋው ያው ነው። ቤትህን አላህ በሰላም ያስጨርስህ።

ጋሽ ሒሳብ፣ የዓመቱን መግለጫ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጃችን አሳይቶን ነበር። ሽያጭ 18 ሚሊዮን። ከዕቃው መግዣ በላይ የቀረው 1 ሚሊዮን 620 ሺህ፣ ዘጠኝ በመቶ ማለት ነው። ኪራይ በዓመት 480 ሺህ፣ ደመወዝ 756 ሺህ፣ ማጓጓዣና ጫኝ አውራጅ 310 ሺህ፣ መብራት፣ ስልክ፣ ጥበቃና ሌላ ሌላው 114 ሺህ። ከዚያ ታች «የዋናው መሥሪያ ቤት ድርሻ» የሚል 360 ሺህ አለ። ሰው እጅ ያለው ዱቤ ሰኔ 30 ላይ 5 ሚሊዮን 200 ሺህ ነበር።

የደንበኛ ዕይታው በመጠይቅ ነው የተለካው። ደንበኞች ይሞላሉ፦ መስተንግዶ፣ ዕቃ በጊዜ ማግኘት፣ የአከፋፈል ሁኔታ።

---

ጋሽ_ሒሳብ

እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን መነጋገር እንችላለን። ቀስ ብዬ ልሂድ።

የራሳችሁን ወጪ ደምሩት፣ 1 ሚሊዮን 660 ሺህ ይመጣል። የያዛችሁት 1 ሚሊዮን 620 ሺህ ነው። ስለዚህ ቅርንጫፉ በራሱ እግር የጎደለው 40 ሺህ ብር ነው። ቀሪው 360 ሺህ የዋናው መሥሪያ ቤት ድርሻ ነው፣ ከሽያጫችሁ ሁለት በመቶ ተሰልቶ የተጫነ ይመስለኛል። ይህ ገንዘብ እናንተ ብትዘጉም አይቀርም። የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ፣ የኦዲተሩ ክፍያ፣ የደሴው ቢሮ ወጪ እንዳለ ይቀጥላል። እናንተ ስትወጡ 360 ሺሁ በቀሩት አራት ቅርንጫፎች ላይ ይከፋፈላል። ደካማው ቅርንጫፍ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የከሰረ ይመስላል። በዚህ መንገድ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ ሲዘጋ አይቻለሁ። ስለዚህ ንግግሩ ላይ «400 ሺህ ከስሯል፣ ሌሎቻችሁ ሸፈናችሁ» የተባለው ለመዝጋት በቂ ምክንያት አይሆንም። ቁጥሩ ተሰልቶ የመጣ ነው፣ መዘጋት ግን አያጠፋውም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን እዩት፣ ለእናንተ የማይመቸውን። 5 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ሰው እጅ ነው። ሽያጫችሁ 18 ሚሊዮን ከሆነ አንድ ብር ወጥታ እስክትመለስ በአማካይ 105 ቀን ትቆያለች። ይህን ገንዘብ ድርጅቱ ከየት አመጣው? ከባንክ ተበድሮ ከሆነ፣ ወለዱ 16 በመቶ እንኳ ቢሆን በዓመት 832 ሺህ ብር ነው። ይህ ወጪ የእናንተ መግለጫ ላይ የለም፣ ምክንያቱም ወለድ የሚከፈለው ደሴ ነው። እዚያ የተጻፈው 360 ሺህ የእናንተ አይደለም፣ ያልተጻፈው 832 ሺህ ግን የእናንተ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄዬ ለዚህ ነበር። መጠይቁ «የአከፋፈል ሁኔታ» ብሎ ይጠይቃል አልሽ። ዱቤ በቀላሉ የሚሰጥ፣ ሲዘገይም የማይጨቀጭቅ ሱቅ አንደኛ ይወጣል፣ ምን ጥርጥር አለው። የደንበኛ ነጥባችሁን ያወጣውና የፋይናንስ ነጥባችሁን የጣለው አንድ ነገር ነው። ሰንሰለቱ የተበጠሰው እዚህ ጋ ነው። ስኮርካርዱ ሥራውን ሠርቷል፣ ነገር ግን ንግግሩ ላይ ሁለቱ ዕይታዎች ተነጣጥለው ቀረቡ። «በዚህ ጥሩ ናችሁ፣ በዚያ ወደቃችሁ» ተባላችሁ፣ ግንኙነታቸው አልተነገራችሁም። ግራ የገባሽ አለምክንያት አይደለም።

---

ሰኞ_ገበያ

እኔ እዚያው ድርጅት ደሴ ነኝ። ስብሰባው ላይ ነበርኩ። እህቴ፣ የጻፍሽው ልክ ነው፣ ግን መጨረሻ ላይ ጥያቄ ሲነሳ የመለሱት አለ። ከወልድያ የመጣው ልጅ «ለምን ኪራይ የሚቀንስ ቤት አትፈልጉም» ሲል፣ «ኪራዩ ብቻ ቢሆን አንዘጋም ነበር፣ ዱቤ የሚሰበሰብበት ቀን 45 ይሁን ብለን አስቀምጠን ከመቶ በላይ ሆነብን» ብለዋል። ጋሽ ሒሳብ ያሉትን ማለታቸው ነው። ግን ሰው ተነሥቶ መውጣት ጀምሮ ስለነበር ብዙው አልሰማም።

አንድ ነገር ግን ልናገር፣ አትቀየሙኝ። እኛ ደሴ ያለነው ባለፈው ዓመት ቦነስ አላገኘንም። ገንዘብ የለም ተባልን። ገንዘቡ ኮምቦልቻ ሱቆች ውስጥ እንደነበረ አሁን ነው የምሰማው። ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው፣ የእኛም ቤት ግን ልጆች አሉ።

---

የቦርከና_ልጅ

ሰኞ ገበያ፣ ልክ ነህ፣ እኛ ሰርቪሱ ስለሚጠብቀን ቀድመን ወጣን። ያንን መልስ አልሰማሁም።

ስለ ዱቤው ግን እናንተም አንድ ነገር ዕወቁልን። ዱቤው እንዲህ የበዛው ከ2014 በኋላ ነው። ጦርነቱ ሲያልፍ ደንበኞቻችን ወደ ሱቃቸው ሲመለሱ መደርደሪያው ባዶ ነበር። ሚስማር እንኳ አልቀረላቸውም። ያኔ ድርጅቱ ራሱ «ዕቃ ስጧቸው፣ ሠርተው ይክፈሉ» አለን። ሰጠን። ሠርተው የከፈሉ ብዙ ናቸው። ችግሩ ዱቤው ከዚያ በኋላም መቀጠሉ ነው፣ ቁም ያለን አልነበረም። አንዱ ደንበኛ አሮጌውን ሳይከፍል አዲስ ይወስዳል፣ ወሩ ውስጥ ትንሽ ሲከፍል ከየትኛው ደረሰኝ እንደሚቀነስ እንኳ አይለይም። የዋስትና ቼክ የተቀበልንባቸው አሉ፣ ያለ ምንም በእምነት የሰጠናቸውም አሉ።

---

ባለ_ሱቁ

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ሱቅ አለኝ፣ ምናልባት ከእናንተው ነው የምገዛው። ደንበኛ ስለሆንኩ እውነቱን ልንገራችሁ። ከእናንተ የምገዛው ዱቤ ስለምትሰጡና ልጆቹ ሰው ስለሚያከብሩ ነው። ዋጋችሁ ከሌላው አይረክስም። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ጭኖ የሚያራግፍልኝ ነጋዴ አለ፣ እሱ በካሽ ነው የሚሰጠኝ፣ በኩንታል ሚስማር ላይ ከእናንተ የተሻለ ዋጋ አለው። እጄ ላይ ብር ሲኖር ከእሱ እገዛለሁ። ሳይኖር ወደ እናንተ እመጣለሁ።

ከደሴ በመኪና እናመጣላችኋለን የተባለው በካሽ ከሆነ እኔ ለምን እጠብቃለሁ? ሁለት ካርቶን ማጠፊያ ወይም ሦስት ጋሎን ቀለም ሲጎድለኝ ባጃጅ ይዤ እናንተ ጋ ደርሼ የምመለሰው ወዲያው ነው። ለዚያች መኪና ከደሴ አትነሣልኝም። ለትልቁ ዕቃ ደግሞ የአዲስ አበባው አለልኝ። ስለዚህ «የኮምቦልቻን ደንበኛ ከደሴ እናገለግላለን» የሚለውን ሥራ አስኪያጁ ከእኛ ጠይቀው ቢሆን ጥሩ ነበር። ያለብኝን ዕዳ እከፍላለሁ፣ አትስጉ።

---

ጋሽ_ሒሳብ

ባለ ሱቁ፣ ያልከው ከእኔ ስሌት ሁሉ ይበልጣል። አንድ ነገር ይጨምርልናል፦ ዱቤው ቢቀንስ ሽያጩም ይወርዳል። ስለዚህ «ዱቤ አቁሙና ቅርንጫፉ ይትረፍ» የሚለው መፍትሔ በነፃ አይመጣም። የሚሰበሰብበት ቀን ወደ 45 ቢወርድ ወደ 3 ሚሊዮን ብር ይለቀቃል፣ ከወለዱም ወደ 480 ሺህ ይቀራል። ግን ከ18 ሚሊዮኑ ሽያጭ ስንቱ በዱቤ ምክንያት ብቻ የመጣ ነው? ሩቡ ከሆነ፣ ሩቡ ሲሄድ ትርፉም 400 ሺህ ገደማ ይሄዳል፣ ኪራዩና ደመወዙ ግን ይቀመጣል። እንግዲህ የተረፈው ተመልሶ ተበላ ማለት ነው። ቅርንጫፉን ማዳን ይቻል ነበር ወይ ለሚለው መልሱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ደንበኛ በደንበኛ ለይቶ ማየት ይጠይቃል። ማን ለዱቤው ይመጣል፣ ማን ለቅርበቱ ይመጣል?

---

ተሳቢ_ነጂ

እኔ ሒሳብ አላውቅም፣ መንገዱን ግን አውቃለሁ። ከአዲስ አበባ ለእናንተ ድርጅት ዕቃ ያመጣሁ ይመስለኛል፣ እንዲህ ያለ ጭነት ብዙ ጊዜ አድርሻለሁ። ከከሚሴ አልፌ ኮምቦልቻ እገባለሁ፣ በቅርንጫፉ በር ነው የማልፈው። ከዚያ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ አራግፋለሁ። በማግሥቱ ያንኑ ቆርቆሮ አይሱዙ ጭኖ ሐረጎን ይወርዳል። የ310 ሺሁ ማጓጓዣና ጫኝ አውራጅ ከዚህ ነው የሚመጣው። አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ተራግፎ ሁለት ጊዜ ተጭኖ፣ በበሩ አልፎ ወጥቶ ተመልሶ ይወርዳል። ቅርንጫፉ ከሰረ ከማለት በፊት ለምን እዚያው አላራገፋችሁትም? ነጋዴው ለባለ ሱቁ አርክሶ የሚሸጠው ሐረጎን ስለማይወጣ ነው።

---

ሰኞ_ገበያ

ተሳቢ ነጂ፣ ይህን እኛም እንነጋገርበታለን። ግን እንደምታስበው ቀላል አይደለም። ጭነቱ ድብልቅ ነው፣ ተሳቢው ላይ የአምስቱም ቅርንጫፍ ዕቃ አለ። የኮምቦልቻው መጋዘን ደግሞ አንድ አይሱዙ የሚችል ነው፣ ተሳቢ በሩ ላይ መቆሚያ የለውም። ገቢ ደረሰኝ የሚቆረጠውም ደሴ ነው። መንገድ ላይ ከፊሉን ማራገፍ ተጀምሮ ሲቆጠር ጎደለ አልጎደለም ጭቅጭቅ ያመጣል።

---

የቦርከና_ልጅ

ድብልቅ የሚሆነው ቀለሙና የቧንቧ ዕቃው ነው። ቆርቆሮና ሚስማር ሙሉ ተሳቢ ሆኖ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ለዚያ ሲባል ሰፋ ያለ መጋዘን ከከተማ ወጣ ብሎ መከራየት ይቻል ነበር፣ ኪራዩም ከዋናው መንገድ ዳር ካለው ሱቅ ያነሰ ይሆናል። ጠይቀን አናውቅም ማለት አልችልም፣ የቀድሞው የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ጽፎ ነበር። መልሱን አላየሁም።

---

ጋሽ_ሒሳብ

ይህ ነገር ስኮርካርዱ ላይ የት ነው የሚታየው? የውስጥ አሠራር ዕይታ ላይ መሆን ነበረበት። እናንተ ግን እዚያ ላይ ሁለተኛ ወጣችሁ የተባለው ቆጠራ ስለገጠመ ነው። የተለካው ቆጠራ ብቻ ከሆነ ዕቃው ሐረጎን ወጥቶ መውረዱ በየትኛውም ሣጥን ውስጥ አይገባም። ማጓጓዣውን የሚወስነው ደግሞ ደሴ ነው፣ ወጪው የሚጻፈው በእናንተ ስም ነው። ቅርንጫፍ ሲመዘን ራሱ የሚወስነውንና የሚወሰንበትን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ዱቤውን እናንተ ወስናችኋል፣ ቢያንስ በከፊል። መንገዱን ግን አልወሰናችሁም።

---

አብሮ_አደግ

የቀሩት ሦስቱስ ምን ይከፈላቸዋል? በሕጉ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ነው። ስድስት ዓመት የሠራ ስድስት ወር ይወስዳል። ይህን ሳያስከብሩ አንዲት ወረቀት እንዳይፈርሙ።

---

የማኅበሩ_ጸሐፊ

አብሮ አደግ፣ አሳብህ ጥሩ ነው፣ ስሌቱ ግን እንደዚያ አይደለም። እኔ በሌላ ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበር ውስጥ አገለግላለሁ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ደጋግሜ ያየሁት በሥራዬ ነው። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ስድስት ዓመት ለሠራ ሰው 30 ሲደመር 50፣ 80 ቀን ይሆናል። ደመወዙ 9 ሺህ ከሆነ በቀን 300፣ በድምሩ 24 ሺህ ብር። ውሉ የተቋረጠው በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ አለ፣ ይህ 18 ሺህ ነው።

ጥያቄው «ቅነሳ» ይባላል ወይ የሚለው ነው። ሕጉ ቅነሳ የሚለው ከድርጅቱ ሠራተኛ ቢያንስ አሥር በመቶውን ሲነካ ነው። ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ደግሞ ቢያንስ አምስት ሰው ሲነካ ነው። ድርጅታችሁ በሙሉ ስንት ሠራተኛ አለው?

ሌላው፣ በቃል የተነገረ ነገር ማስጠንቀቂያ አይደለም። በጽሑፍ ይሰጣል፣ ምክንያቱና ውሉ የሚቋረጥበት ቀን ይጻፍበታል። በቅነሳ ለሚሰናበት፣ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ፣ ጊዜው ሁለት ወር ነው። ደብዳቤ ደርሷችኋል?

---

የቦርከና_ልጅ

ደብዳቤ አልደረሰንም፣ የተነገረን ኅዳር አጋማሽ ላይ በስብሰባው ብቻ ነው። ታኅሣሥ 30 ሁለት ወር አይሞላም ማለት ነው። በአጠቃላይ 64 ሠራተኞች ነን። ማኅበር የለንም።

---

የማኅበሩ_ጸሐፊ

64 ከሆናችሁ አሥር በመቶው ስድስት ነጥብ አራት ነው። ሦስት ሰው ብቻ ከተሰናበተ አይሞላም። ሰባታችሁም ከተነካችሁ ይሞላል። ስለዚህ አራቱ «መዛወር» የተባሉት ነገር እዚህ ላይ ክብደት አለው። ውላችሁ ላይ የሥራ ቦታ ኮምቦልቻ ተብሎ ተጽፎ አንዱ ወይም አንዷ ደሴ አልሄድም ቢሉ፣ ያ ሰው እንደተቀነሰ ይቆጠራል ወይስ ሥራ እንደለቀቀ? በዚህ ላይ ሰዎች ሲከራከሩ አይቻለሁ፣ ሁለቱንም ወገን። ውሉን ይዛችሁ የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተውን የመንግሥት ቢሮ ጠይቁ። ማኅበር ከሌለ የሠራተኛ ተወካይ ምረጡ፣ ምክንያቱም ቅነሳ ሲሆን ማን ይቅር ማን ይሂድ የሚለው ከተወካይ ጋር ተመካክሮ ነው የሚወሰነው። ችሎታውና ምርታማነቱ የላቀ ሠራተኛ ሥራ ላይ ለመቆየት ቅድሚያ አለው።

---

መዝገብ_ቤት

እኔ ግን አሁንም ያልተዋጠልኝ አለ። ሥራ አስኪያጁ «ጥፋቱ የእናንተ አይደለም» ብለዋል። ጋሽ ሒሳብ ደግሞ ዱቤውን በከፊል እናንተ ወስናችኋል ይላሉ። የትኛው ነው? ሠራተኛ ፊት ቆሞ ጥፋታችሁ አይደለም ማለት ደግነት ነው፣ ግን የተዘጋው ዱቤ ስላልተሰበሰበ ከሆነ ሌሎቹ አራት ቅርንጫፎች ከዚህ ምን ያውቃሉ? እነሱም ነገ መጠይቁ ላይ አንደኛ ለመውጣት ዱቤ ይበትናሉ።

---

ጋሽ_ሒሳብ

ይህን ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። እኔ ሥራ አስኪያጁን ብሆን እንዲህ እል ነበር፦ «400 ሺህ የሚለውን ቁጥር እርሱት። የዘጋነው 5 ሚሊዮን ብር ለ105 ቀን ውጭ ስላደረ ነው። ዱቤ ስጡ ያልናችሁ እኛ ነን፣ መቼ ይቁም ያላልናችሁም እኛ ነን። ከዛሬ ጀምሮ የደንበኛ መጠይቁ ላይ የአከፋፈል ጥያቄው ለብቻው ይታያል፣ ከ60 ቀን ያለፈ ዕዳ ላለበት ደንበኛ አዲስ ዕቃ አይወጣም።» ይህ ያስከፋል፣ ግን ሰው ይገባዋል።

አንድ አስቸኳይ ነገር። ቅርንጫፍ ሊዘጋ ነው የሚለው ወሬ ከተሰማ ተበዳሪ ስልክ ማንሣት ያቆማል። ባለ ሱቁ ጥሩ ሰው ነው፣ ሁሉም ግን እሱን አይደለም። ማስታወቂያው ሳይለጠፍ እያንዳንዱን ተበዳሪ ሱቁ ሄዳችሁ ቀሪ ሒሳቡን አስፈርሙት፣ ከየትኛው ደረሰኝ ስንት እንደቀረ ተለይቶ። ፊርማ የሌለው ዕዳ ወደ ደሴ ሲሄድ ወረቀት ብቻ ነው። ደንበኞቹን በፊታቸው የምታውቁት እናንተ ናችሁ፣ ከደሴ የሚመጣ ሰው አያውቃቸውም። ስለ ኪራዩ ደግሞ ልጠይቅሽ፣ እስከ መቼ ነው የተከፈለው?

---

የቦርከና_ልጅ

ማስፈረሙን ነገ ከካሸሯ ጋር እንጀምራለን። ከ90 ቀን በላይ የቆዩትን እናስቀድማለን፣ ስም ዝርዝሩ አለን።

ኪራዩ የዓመት ነው የሚከፈለው፣ እስከ ሰኔ 30 ተከፍሏል። አከራዩ ደግሞ የወሰደውን አይመልስም፣ ውሉም እንደዚያ ይላል።

---

ጋሽ_ሒሳብ

እንዲያ ከሆነ ታኅሣሥ 30 መዝጋት ከኪራይ አንድ ብር አያስቀርም። በወር 40 ሺህ ሲሰላ የስድስት ወሩ 240 ሺህ ወጥቶ አልቋል፣ ቤቱ ባዶ ቢውልም ሰው ቢሠራበትም ያው ነው። አዲስ ዱቤ ይቁም፣ ዕቃው ቀስ በቀስ ይሸጥ፣ ሁለት ሦስት ሰው እስከ ሰኔ ድረስ ሱቁን ከፍቶ እየሸጠ ዕዳውን ይሰብስብ። የእነዚያ ሰዎች የስድስት ወር ደመወዝ ከሚሰበሰበው አንጻር ትንሽ ነው። ቦርዱ ይህን አይቶ ካልተቀበለው ሌላ ነገር ነው፣ ግን መግለጫው ላይ ኪራይ እንደሚቀር ተደርጎ ከቀረበላቸው ስሕተት ነው። ይህን በጽሑፍ አድርሺላቸው።

---

ሰኞ_ገበያ

ለቦርዱ የቀረበው ወረቀት ላይ የግማሽ ዓመት ኪራይ «የሚቀር ወጪ» ተብሎ ነው የተጻፈው፣ የፋይናንሱ ልጅ ነግሮኛል። ሰኞ ጠዋት አገኘዋለሁ። የኪራይ ውሉን ቅጂ ላኪልኝ፣ እኔ አደርስለታለሁ።

---

የቦርከና_ልጅ

እሺ ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ፎቶ አንሥቼ እልክልሃለሁ።